ቅናሹ ያመጣቸውና ቪዲዮው ያመጣቸው፦ የማስታወቂያ ደንበኛን በባች መቁጠር

(በቱሉ ዲምቱ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የቀረበ ንግግር፣ እንደተነገረ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ! ከኮዬ ፈጬም፣ ከገላንም፣ ከለገጣፎም የመጣችሁ፣ ሥራችሁን ዘግታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሱቅ መዝጋት ስንት እንደሚያስከፍል ስለማውቅ ሰዓታችሁን አላባክንም።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ፌስቡክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ከፍላችሁ ያስተዋወቃችሁ፣ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። አንድ ደንበኛ ለማምጣት ስንት ብር እንዳወጣችሁ የምታውቁስ? አሁንም ጥቂት እጆች አሉ። በመስከረም ማስታወቂያ አይተው ከመጡት ደንበኞች ስንቱ ዛሬም እንደሚገዛ የምታውቁስ?

ዛሬ የምናገረው ስለዚህች ሦስተኛ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ደንበኛው በየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ እንዴት እንደምንመዘግብ። ሁለተኛ፣ የሁለት ማስታወቂያ ደንበኞችን በእኩል ዕድሜያቸው ማወዳደር። ዋናው ይህ ነው፣ ብዙ ሰዓትም የምወስደው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሠንጠረዡ የሚያሳስትበትን ቦታ።

ከዚያ በፊት ስለ አንድ ቃል። በሙያው «ኮሆርት» ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ቃሉ ድሮም አለ፤ ባች ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ «የእኔ ባች» ይላል። የአንደኛ ዓመቱን ተማሪ ውጤት ከተመራቂው ጋር አታወዳድሩም አይደል? አንደኛ ዓመትን ከአንደኛ ዓመት ጋር ነው የምታስተያዩት። ደንበኛም እንደዚያው ነው። በአንድ ወር፣ በአንድ ማስታወቂያ የገቡ ደንበኞች አንድ ባች ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ምሳሌያችን ባልትና ቤት ይሁን። በርበሬና ሽሮ በትዕዛዝ የሚያደርስ። ባልትናን የመረጥኩት ሽሮ ስለሚያልቅ ነው፤ ያለቀበት ሰው ተመልሶ ይገዛል፣ ወይም ሌላ ቤት ይሄዳል። ቁም ሣጥን ሻጭ ዓመት ሙሉ ቢጠብቅም ተመላሽ ላያይ ይችላል፤ ባልትና ግን በወር ውስጥ ይለያል።

ደንበኛው በቴሌግራም ቦት የሚያዝ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የራሱን ሊንክ ትሰጡታላችሁ፦

```
https://t.me/shopname_bot?start=mes_qinash
https://t.me/shopname_bot?start=tir_video
```

ሰውየው ሊንኩን ነክቶ ሲጀምር ለቦቱ የሚደርሰው `/start tir_video` የሚል መልእክት ነው። ከ`start=` በኋላ የምትጽፉት የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ `_` ወይም `-` ብቻ ይሁን፣ ከ64 ምልክትም አይለፍ። ክፍት ቦታ ወይም የእኛ ፊደል ከገባበት መለያው አይሠራም፤ ደንበኛው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ይቀራል።

በስልክ የሚያዝ ደንበኛስ? ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ ሲም ካርድ አውጡ። «የት አዩን?» ብሎ መጠየቅም ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ይረሳል፤ ቲክቶክ ላይ ያየውን «ፌስቡክ» ይላል። የደወለበት ቁጥር ግን አይረሳም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ደንበኛው የመጀመሪያ ግዢውን የፈጸመበት ማስታወቂያ የእሱ ባች ነው፤ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። በመስከረም በቅናሽ የመጣ ሰው በጥር ቪዲዮውን አይቶ ቢገዛ፣ የቪዲዮው ደንበኛ አይደለም፤ የመስከረም ነው። ይህን ካላላችሁ አዲሱ ማስታወቂያ የአሮጌውን ደንበኛ እየወሰደ ያማረ ይመስላችኋል። የማስታወቂያ ድርጅቶቹ ሪፖርትም ይህን አይለይላችሁም። ሜታ ሌላ ካልመረጣችሁለት በ7 ቀን ውስጥ ማስታወቂያውን ነክቶ የገዛውንም፣ በ1 ቀን ውስጥ አይቶት ብቻ የገዛውንም የእኔ ነው ብሎ ይቆጥራል። አሮጌ ደንበኛችሁ መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከራሳችሁ መዝገብ።

መዝገቡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ ስልክ፣ ማስታወቂያ፣ ከትዕዛዙ የተረፈ ብር። ደንበኛውን የምትለዩት በስልኩ ነው፤ ስልክ ደግሞ በየመልኩ ይጻፋል። አንዱ በ09 ይጀምራል፣ አንዱ በ+251፣ አንዱ ኤክሴል ዜሮዋን ጥሎበት በ9። አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው! የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አኃዞች ግን በሁሉም ያው ናቸው፦

```
="0"&RIGHT(SUBSTITUTE(B2," ",""),9)
```

በዚህ አስተካክሉና ውጤቱን መልሳችሁ ስልክ ዓምድ ላይ እንደ ጽሑፍ ለጥፉት።

ቀኑስ? ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገቡ። በእኛ አቆጣጠር ብንጽፈውስ ምን ይሆናል? ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ዝም ብሎ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያ ትዕዛዝ ከስሌቱ ይወጣል፤ የደንበኛው «የመጀመሪያ ቀን» ወደ ሁለተኛው ግዢው ይንሸራተታል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፤ ጽሑፍ ነው ያለውን ወደ ግራ። ዓምዱን ቁልቁል እዩት፤ ወደ ግራ የተጠጋ ካለ ችግር አለ።

በአራተኛው ዓምድ የሚገባው የሽያጭ ብር አይደለም። የሽያጭ ብር አይደለም! የተረፈው ነው። በምሳሌያችን ትዕዛዙ 1,500 ብር ነው፤ ለእህሉ፣ ለማስፈጫው፣ ለማሸጊያውና ለሞተረኛው ሲከፈል 300 ብር ይተርፋል እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ ብዬ ያወጣኋቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። ከዳር ሆነን ለምንሠራ ሞተሩ ትልቅ ነገር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ቃሊቲ ማድረስና ቡራዩ ማድረስ አንድ አይደለም። አንዱ ማስታወቂያ ደንበኛ የሚያመጣላችሁ ከከተማው ማዶ ከሆነ፣ ሽያጩ እኩል ሆኖ ትርፉ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ደጃፍ ደርሶ «አልፈልግም» የተባለውንም ትዕዛዝ አስገቡት፤ የሞተሩን ወጪ በተቀናሽ።

አሁን ወደ ዋናው።

ባልትና ቤቱ ሁለት ማስታወቂያ አወጣ እንበል። በመስከረም «ለመጀመሪያ ትዕዛዝ 200 ብር ቅናሽ» አለ፤ 36,000 ብር ከፈለ፤ 200 አዲስ ደንበኛ መጣ። በጥር ደግሞ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ በፀሐይ ደርቆ እስኪፈጭ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ፤ 36,000 ብር ከፈለ፤ 100 ደንበኛ መጣ።

ቅናሹ አንድ ደንበኛ በ180 ብር አመጣ፤ ቪዲዮው በ360። በዚህ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቪዲዮውን ያቆማል። ቆይ፣ ጠንቃቃ ነኝ ያለ ደግሞ የካቲት ሲያልቅ መዝገቡን ከፍቶ እስካሁን የተረፈውን ይደምራል። የቅናሹ ደንበኞች 47,600 ብር አስገኝተዋል፤ የቪዲዮዎቹ 42,000። አሁንም ቅናሹ ይበልጣል! ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፣ የሚያስወስዱት ውሳኔ ግን ስህተት ነው። ለምን? የመስከረሙ ባች አምስት ወር ገዝቷል፤ የጥሩ ባች አንድ ወር።

ስለዚህ ዕድሜ እንቁጠር። የመጀመሪያው ግዢ ወር 0 ነው። ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 30 ያለው ቀን ወር 1፣ ከ31 እስከ 60 ወር 2፣ እያለ ይሄዳል። መዝገባችሁን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩና እነዚህን ሦስት ቀመሮች በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ዓምድ ላይ አስገቡ፦

```
E2: =MINIFS(A:A,B:B,B2)
F2: =INDEX(C:C,MATCH(B2,B:B,0))
G2: =ROUNDUP((A2-E2)/30,0)
```

የመጀመሪያው ደንበኛው መጀመሪያ የገዛበትን ቀን ያወጣል። ሁለተኛው ያንን የማይቀየር ባቹን ይሰጠዋል። ሦስተኛው የትዕዛዙን ዕድሜ በወር ይቆጥራል። እስከ ወር 1 ድረስ የቪዲዮው ደንበኛ በነፍስ ወከፍ ስንት አስገኘ ስትሉ፦

```
=SUMIFS(D:D,F:F,"tir_video",G:G,"<=1")/100
```

ያ 100 የባቹ ሙሉ ቁጥር ነው። ተመልሰው የገዙት 40 ናቸው ብላችሁ ለ40 እንዳታካፍሉ! ገንዘብ የወጣው ለመቶውም ነው፤ ያልተመለሱት 60 ሰዎች ወጪ የት ይሄዳል? ይህን ስህተት ሠንጠረዡን ራሳቸው የሠሩ ሰዎችም ይሠሩታል።

የእኛ 30 ቀን የሆነ ወር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በፈረንጅ ወር የሚቆጥር ሰው አንዱን ባች በ28 ቀን፣ ሌላውን በ31 ቀን ይለካል። እኛ ጥር 30 የገባውን የመጨረሻ ደንበኛ የካቲት 30 ስናየው ልክ 30 ቀኑ ሞልቷል። ጳጉሜን ብቻ ተጠንቀቁ፤ አምስት ወይም ስድስት ቀኗን ለብቻ ባች አታድርጓት፣ ከነሐሴ ጋር ጨምሯት።

በእኩል ዕድሜ ስናያቸው፣ ወር 1 ሲያልቅ፣ ቅናሹ ያመጣው ደንበኛ በነፍስ ወከፍ 145 ብር አስገኝቷል፤ ቪዲዮው ያመጣው 420 ብር። አንዱ በ180 ብር መጥቶ 145 ነው፤ ወጪውን ገና አልመለሰም። ሌላው በ360 መጥቶ 420 ነው፤ መልሶ ተሻግሯል። ነገሩ ተገለበጠ!

ሰኔ ሲያልቅ የጥሩ ባችም ወር 5 ይሞላል። እስከዚያ ያለውን በዚህ ሠንጠረዥ እዩት። በእያንዳንዱ ሳጥን መጀመሪያ ያለው ቁጥር በዚያ ወር የገዛው ሰው ብዛት ነው፤ ብሩ ደግሞ እስከዚያ የተጠራቀመው፣ ለአንድ ደንበኛ ሲካፈል ነው።

| ዕድሜ | ቅናሽ (200 ሰው) | ቪዲዮ (100 ሰው) |
|---|---|---|
| ወር 0 | 200 ሰው፣ 100 ብር | 100 ሰው፣ 300 ብር |
| ወር 1 | 30 ሰው፣ 145 ብር | 40 ሰው፣ 420 ብር |
| ወር 2 | 20 ሰው፣ 175 ብር | 34 ሰው፣ 522 ብር |
| ወር 3 | 16 ሰው፣ 199 ብር | 30 ሰው፣ 612 ብር |
| ወር 4 | 14 ሰው፣ 220 ብር | 28 ሰው፣ 696 ብር |
| ወር 5 | 12 ሰው፣ 238 ብር | 27 ሰው፣ 777 ብር |

ወር 0 ላይ ቅናሹ 100 ብር የሆነው ከ300ው ላይ 200 ስለተቀነሰለት ነው። ቅናሽ የማስታወቂያ ወጪ መስሎ ስለማይታይ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እዚህ ግን ከማስታወቂያው ክፍያ ራሱ ይበልጣል፤ በሰው 180 ብር ለማስታወቂያ፣ 200 ብር ለቅናሽ። ቅናሹ የማስታወቂያውን ወጪ የመለሰው በወር 3 ነው። ቪዲዮው በወር 1።

አሁን ቁልቁል የገዢዎቹን ብዛት እዩልኝ። ቪዲዮው ከ100 ወደ 40 ሲወርድ ያስደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን 34፣ 30፣ 28፣ 27 እያለ ይረጋል። መጀመሪያ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ የተረፈው ይጸናል። ስለዚህ «በወር 60 ከመቶ ይጠፋል» ብሎ በመጀመሪያው ወር ብቻ የደንበኛውን ዕድሜ ማስላት ጥሩውን ባች ይገድለዋል። በተቃራኒው የወር 5ን መርጋት አይቶ «እንግዲህ ሦስት ዓመት ይገዛል» ማለትም አይቻልም። ያያችሁት አምስት ወር ነው፤ የምትናገሩት ስለ አምስት ወር ይሁን። እኔ «የዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ትቼ «የአምስት ወር ትርፍ» ማለትን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ፤ ሠንጠረዡ የሚያሳስትበት።

ከኋላ አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ አንሥታለች፦ «ጥር የገባው ባች ወር 1 ላይ ብዙ የገዛው ጾም ስለገባ ቢሆንስ?» ትክክል ናት። ዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ በየካቲት ይገባል፣ 55 ቀን ነው፣ ሽሮ ይፈለጋል። የቪዲዮው 40 ሰው የቪዲዮው ይሁን የጾሙ በምን እናውቃለን? መልሱ እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። በዚያው የካቲት የቅናሹ ባች ወር 5 ላይ ነበር። በጥር 14 ሰው፣ በየካቲት 12 ሰው ገዛ። ጾሙ ገበያውን ከፍ አድርጎት ቢሆን ኖሮ እነዚህም ከፍ ይሉ ነበር፤ አላሉም። በዚያ ወር ሁሉም ባቾች አንድ ላይ ከዘለሉ ግን ምክንያቱ ወቅቱ ነው፤ ለማስታወቂያው አትስጡት። ከተቻለ ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ማስታወቂያ በአንድ ወር ማስኬድ ነው።

ሌላው የሰው ማነስ ነው። ከ100 ሰው 40 ሲመለስ እውነተኛው መጠን ከ30 እስከ 50 ከመቶ ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከ20 ሰው 8 ቢመለስ ያው 40 ከመቶ ነው፣ ግን ከ20 እስከ 60 ገደማ ይዋልላል። በሃያ ሰው ማስታወቂያ አትግደሉ። ደግሞም አንድ ምግብ ቤት ባቹ ውስጥ ገብቶ በየሳምንቱ ሲያዝ አማካዩን ብቻውን ይጎትተዋል። ትልቁን ገዢ አውጥታችሁ አንዴ ደግማችሁ አስሉ፤ ውጤቱ ከተገለበጠ ያወዳደራችሁት ማስታወቂያዎችን ሳይሆን አንድ ምግብ ቤትን ነው።

ሦስተኛው የዶላር ነገር ነው። ሜታን በዶላር ለምትከፍሉ፣ የማስታወቂያውን ወጪ በከፈላችሁበት ቀን ምንዛሪ ወደ ብር ቀይራችሁ መዝግቡት፣ ከዚያ አትንኩት። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አልፏል። የአሮጌውን ባች ወጪ በአዲሱ ምንዛሪ የሚያሰላ ሰው፣ ወጪውን የመለሰውን ባች ኪሳራ ያስመስለዋል። የተረፈውንም ብር እንዲሁ፤ የበርበሬ ዋጋ ሲጨምር ትርፉን በየትዕዛዙ ቀን ባለው ዋጋ መዝግቡ እንጂ «300 ነው» ብላችሁ አትቀጥሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እንግዲህ ቪዲዮው ካሸነፈ ገንዘቡን እጥፍ እናድርግ የምትሉ አላችሁ። አድርጉ፣ ግን የተጨመረውን ለብቻ ቁጠሩ። 72,000 ብር አውጥታችሁ 150 ደንበኛ መጣ እንበል። አማካዩ 480 ብር ነው፣ ደህና ይመስላል። የጨመራችሁት 36,000 ብር ግን ያመጣው 50 ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ 720 ብር ፈጀ። የቪዲዮው ደንበኛ 720ን የሚያልፈው በወር 5 ነው፤ ያውም አዲሶቹ እንደ ፊተኞቹ የሚገዙ ከሆነ። ማስታወቂያው መጀመሪያ የሚያገኘው ሊገዛ የቀረበውን ሰው ስለሆነ፣ በኋላ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ይደክማሉ። ስለዚህ ለአዲሱ ባች አዲስ ሊንክ ስጡት፣ `tir_video` ላይ አትደርቡት። ወር 1 ሲሞላ ከመቶው ወደ 40 የሚጠጋ ሰው ከተመለሰ ቀጥሉ፤ 25 ከሆነ ወደ ፊተኛው 36,000 ብር ተመለሱ። ለአምስት ወር የሚታሰር ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ 40 ቢመለስም አትጨምሩ፤ ያ ብር ለሚቀጥለው የበርበሬ ግዢ ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ መዝገባችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም ወደፊት ቅረቡ፣ አብረን እናየዋለን።